ጠጣር ባትሪ ላይ ያልተነገረው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ጠጣር ባትሪ ያወጣችሁት ጽሑፍ ችግሩን ሳይነካ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። በተለመደው ሊቲየም አዮን ባትሪ ኤሌክትሪክ የተሸከሙት ቅንጣቶች፣ አዮኖቹ፣ የሚመላለሱት በቀላሉ በሚቀጣጠል ፈሳሽ ውስጥ ነው። በአዲሱ በጠጣሩ ባትሪ ፈሳሹን እንደ ሴራሚክ ያለ ጠጣር ይተካዋል። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። ፈሳሽ ቀዳዳውን ሁሉ ይሞላል፤ ጠጣር አይሞላም። ቻርጅ ሲደረግ ከሴራሚኩ ጋር የተጣበቀው የሊቲየም ንጣፍ ይወፍራል፣ ሲያልቅ ይሳሳል፤ ያኔ ከሴራሚኩ ይላቀቃል። ቻርጁ ከፈጠነ ደግሞ ቀጭን የሊቲየም ክር በስንጥቁ ሰርጎ ባትሪውን ሾርት ያደርገዋል። ስለዚህ ብዙዎቹን ሲፈትኑ በከባድ ግፊት ጨምቀው ይይዟቸዋል። በባሕር ዳር ኮብልስቶን ላይ ለሚንገጫገጭ ባጃጅ ይህ መጭመቂያ ትልቅ ሸክም ነው።

በሚቀጥለው ዘገባችሁ ባትሪው ስንት ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ፣ በምን ያህል ግፊትና ሙቀት እንደተፈተነ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር