እማዬ፣ አትያዢው፤ እሱ ይያዝሽ

ውድ እማዬ፣

ዓይኑ የማያየውን አባዬን እንዴት መንገድ እንደምትመሪው በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን እሱ ሁልጊዜ አጠገብሽ ነው። ስለ እሱ እንዲህ አድርጊው፣ እንዲያ አድርጊው እያልኩ እየሰማ ማውራቱ ደስ አላለኝም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ባለፈው ስመጣ አብራችሁ ደረጃ ስትወርዱ ከኋላችሁ ነበርኩ። ክንዱን በሁለት እጅሽ ጨምድደሽ ከፊትሽ ታስኬጂው ነበር። ጫፉ ላይ ስትደርሱ «ተጠንቀቅ!» አልሽው። እሱም ደርቆ ቀረ። ምኑን እንደሚጠነቀቅ በምን ይወቅ? ጉድጓድ ይሁን፣ ደረጃ ይሁን፣ ብስክሌት ይሁን አልነገርሽውም። ደግሞ እሱ ከፊት ስለሆነ፣ አደጋው ጋ ቀድሞ የሚደርሰው የማያየው ሰው ነው።

ነገሩ መገልበጥ አለበት። አንቺ አትያዢው፤ እሱ ይያዝሽ። በእጅሽ ጀርባ እጁን ነካ አድርጊው፣ ክንድሽን ተከትሎ ከክርንሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጨብጥ። አውራ ጣቱ በውጭ በኩል፣ አራቱ ጣቶቹ በውስጥ፣ ብርጭቆ እንደሚይዝ። አንቺ ክንድሽን ወደ ሰውነትሽ አስጠግተሽ ዘና አድርጊው። እሱ ግማሽ እርምጃ ከኋላሽ ይሆናል። ያኔ ስትዞሪ፣ ስትቆሚ፣ ስትወርጂ ሰውነትሽ ቀድሞ ይነግረዋል። አባዬ ካንቺ በጣም ስለሚረዝም ክርንሽ ጋ ለመድረስ ካጎነበሰ ትከሻሽን ይያዝ፤ ያም ይሠራል።

አሁን ደረጃው። ሰያፍ አትቅረቢ፤ ፊት ለፊት ቅረቢና ጫፉ ላይ ቁሚ። «ደረጃ፣ ወደ ታች» በይው። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች መንገሩን ከረሳሽ ከባዱ እሱ ነው፤ ወደ ላይ ነው ብሎ እግሩን አንስቶ ወደ ታች ሲሆንበት አስቢው። ነፃ እጁን መደገፊያው ላይ ያድርግ፣ በእግሩም ጫፉን ይፈልግ። ከዚያ አንቺ አንድ ደረጃ ቀድመሽ ውረጂ። ክንድሽ ዝቅ ሲል ይከተልሻል። ሁልጊዜ በአንድ ደረጃ ትቀድሚዋለሽ።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ ሳልነግርሽ ቀርቼ ነበር። አንድ ቀን አብረን ስንወርድ እኔ መሬት ስረግጥ «ጨረስን» አልኩት። እኔ ጨርሻለሁ፤ እሱ ግን ገና አንድ ደረጃ ይቀረው ነበር። ሜዳ መስሎት እግሩን ዘርግቶ ሲሰድ ወደ ፊት ተወረወረ። መደገፊያውን ባይዝ ኖሮ ይወድቅ ነበር። አንቺ ሜዳ ላይ ስትደርሺ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ «አንድ ቀረህ» በይው። እሱ አጠገብሽ ሲቆም ነው ያለቀው።

ደረጃውን መቁጠር ግድ አይደለም። አንቺ ራስሽ አንድ ብትስቺ እሱ የሚያምነው የተሳሳተውን ቁጥር ነው።

በር ላይ ደግሞ ማጠፊያው በየት በኩል እንደሆነ እይ። አባዬ በማጠፊያው በኩል ቢሆን ይሻላል። በግራሽ ከያዘሽ፣ ማጠፊያውም በግራ ከሆነ፣ «በሩ ወደ እኛ ይከፈታል፣ በግራህ» ብለሽ ክፈቺው። በነፃ እጁ በሩን ይቀበልሽና ከኋላው ይዘጋዋል። ማጠፊያው በሌላው በኩል ከሆነ ከበሩ በፊት ቆም በሉና ጎን ይቀይር፤ መሃል መግቢያው ላይ አይሁን። የሚጎዳው ሙሉ ለሙሉ የተከፈተ ወይም የተዘጋ በር ሳይሆን ገርበብ ያለው ነው፤ ጠርዙ ፊቱን ያገኘዋል።

ሕዝብ ሲበዛ ጎን ለጎን አያስኬድም። የያዘሽን ክንድ ወደ ጀርባሽ፣ ወገብሽ መሃል አዙሪው። እሱ ክንዱን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ከኋላሽ ይገባል። ተረከዝሽን ከረገጠሽ ክንዱን አልዘረጋም ማለት ነው፤ አትቆጪው፣ ንገሪው። ለአፍታ ልትለቂው ከሆነ ደግሞ እጁን ግድግዳ አስይዢውና ንገሪው። ባዶ ቦታ መሃል ብቻውን አታቁሚው፤ የቱ አቅጣጫ የቱ እንደሆነ ይጠፋዋል።

አንድ ነገር ግን አለ። ይህ አካሄድ መንገድ ለማሳየት እንጂ ክብደቱን ለመሸከም አይደለም። ጉልበቱ የከዳው ቀን አብሮሽ ይወድቃል፤ አንቺም እንደ ድሮው አይደለሽም፣ አትቆጪ። እንዲህ ያለ ቀን ደረጃውን ተዉት፣ ወይም ሌላ ሰው ይጨመር።

ቅዳሜ እመጣለሁ። መጀመሪያ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ክንዴን ይዘሽ ትወርጃለሽ፣ ከዚያ እኔ ያንቺን። አባዬ ደግሞ ከላይ ሆኖ የእግራችንን ድምፅ ሰምቶ ስህተታችንን ይነግረናል። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊ።

ልጅሽ