የ27,000 ብር ቅጣት ከአንድ ወር ወለድ ጋር አይወዳደርም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ብድርን ቀድሞ ስለመክፈል ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የደገምኩት ምናልባት እኔ እንዳልሆን የተሳሳትኩት ብዬ ነው። አይደለሁም።

ምሳሌ ያደረጋችሁት ሰው 900,000 ብር ዕዳ አለበት። ዕዳው ሊያልቅ 5 ዓመት ይቀረዋል፤ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ነው። ዛሬ ልዝጋው ቢል ባንኩ 3 በመቶ፣ ማለትም 27,000 ብር ይቀጣዋል። የዚህ ወር ወለዱ ደግሞ 12,000 ብር ነው። «ቅጣቱ ከወለዱ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ አያዋጣውም» ብላችሁ ደመደማችሁ።

ሰውዬው ወለድ የሚከፍለው ለአንድ ወር ብቻ ነው እንዴ? ቅጣቱ አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። ወለዱ ግን ገና 60 ወር ይከተለዋል። ዋናው ገንዘብ ሲቀንስ የየወሩ ወለድም ስለሚቀንስ 12,000ን በ60 ማባዛት አይቻልም። በእኩል ወርሃዊ ክፍያ ሲሰላ ግን እስከ መጨረሻው የሚከፍለው ወለድ ወደ 413,000 ብር ይጠጋል። 27,000 ብሩን ማወዳደር የነበረባችሁ ከዚህ ጋር ነው።

እርግጥ ቅጣቱ የሚያሸንፍበት ጊዜ አለ። ያው 900,000 ብር በ3 ወር የሚያልቅ ቢሆን የቀረው ወለድ በጠቅላላው 24,000 ብር ገደማ ነው። ያኔ 27,000 ቅጣት መክፈል ኪሳራ ነው። ስለዚህ ወሳኙ የቀረው ጊዜ ነው። ዘገባችሁ ውስጥ ደግሞ የቀረው ጊዜ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ይህን ያህል የተናደድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መምህር ነኝ፤ የቤት ብድሬ ከደመወዜና ከማስጠናበት ገንዘብ ነው የሚከፈለው። ከሦስት ዓመት በፊት 200,000 ብር ዕቁብ ደረሰኝና ከዕዳዬ ላይ ልቀንስ ባንክ ሄድኩ። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ «ቅጣቱ ይበልጥብሻል፣ ይቅርብሽ» አለኝ። አመንኩት። ብሩ አንድ ዓመት ሙሉ በ7 በመቶ ቁጠባ ውስጥ ተቀመጠ። 14,000 ብር አገኘሁበት። በዚያው ዓመት ለዚያው ያህል ዕዳ 32,000 ብር ወለድ ከፈልኩ። 18,000 ብር ከልጆቼ ጉሮሮ ወጣ ማለት ነው። የተፈራው ቅጣት ስንት ነበር? የ200,000 ብር 3 በመቶ፣ 6,000 ብር! በብድሩና በቁጠባው ወለድ መካከል ያለው የ9 በመቶ ልዩነት ያንን በ4 ወር ይመልሰው ነበር።

«ብር ዋጋ እያጣ ዕዳ ለመክፈል ምን ያጣድፋል?» የሚል ይኖራል። ገንዘቡ ከ16 በመቶ በላይ የሚያተርፍ ሥራ ላይ የሚውል ከሆነ እውነቱን ነው። ለክፉ ቀን የተያዘችውን ብርም ለባንክ ማስረከብ አይገባም፤ አንዴ ከገባች አትመለስም። የቁጠባ ደብተር ውስጥ የተኛ ብር ግን እሱም ዋጋ እያጣ ነው፤ ከዕዳው ወለድ አያስጥልም።

ሌላው ያናደደኝ የእኛ መረሳት ነው። ያነጋገራችኋቸው በሙሉ ዕዳቸውን ባንዴ የሚዘጉ ነጋዴዎች ናቸው። ደመወዝተኛ ባንዴ አይዘጋም፤ ዕቁብ ሲደርሰው ወይም ወንድም ከውጭ ሲልክለት ይቀንሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከቅጣቱ ይልቅ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው የሚያስፈራው።

ዘንድሮ 600,000 ብርና 5 ዓመት ሲቀረኝ 200,000 ብር ከፈልኩ። መጀመሪያ ውሉን አውጥቼ ቅጣቱ የሚሰላው በምከፍለው ላይ ነው ወይስ በጠቅላላ ቀሪው ዕዳ ላይ የሚለውን አየሁ። በምከፍለው ላይ ነበር። በቀሪው ቢሆን ኖሮ 6,000 ብሩ 18,000 ይሆን ነበር። ከዚያ አዲሱን የክፍያ ሰሌዳ ስቀበል ወርሃዊ ክፍያዬ ከ14,591 ወደ 9,727 ብር ወርዷል። የማብቂያው ቀን ግን ንቅንቅ አላለም! ማንም አልጠየቀኝም። በዚህ መንገድ የምድነው ወለድ ወደ 92,000 ብር ነበር። የድሮውን ክፍያ እየከፈልኩ ጊዜው ይጠር ብል ግን ዕዳው በ35 ወር ውስጥ ያልቃል፤ ከወለድ የምድነውም 174,000 ብር ገደማ ይደርሳል። ወር መድረስ ላቃተው ሰው የመጀመሪያው ይሻለዋል፤ በየወሩ 4,864 ብር እጁ ላይ ይቀራል። እኔ ግን ጊዜው እንዲያጥር ነበር የፈለግኩት። በጽሑፍ አመልክቼ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነው ያስቀየርኩት።

እርማት አውጡ። 12,000 የሚለውን ሰርዛችሁ 413,000 ብላችሁ ጻፉ፤ ያውም ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል። ያንን ዘገባ አንብቦ የዕቁብ ብሩን ቁጠባ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ይኖራል፤ እስኪያየው ድረስ በየወሩ እየከሰረ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት፣ ከሐዋሳ