ከቁርስ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት

ይድረስ ለእምዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንቺም በስልክ “ደህና ነኝ” ብለሽኝ ነበር። እህቴ ግን አምስት ቀን ሆድሽ ደርቆ ሰናመኪ እንደጠጣሽ ነገረችኝ። ስለ ሽንት ቤት ማውራት እንደምታፍሪ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ፊዚዮቴራፒስት ልጅ ይዘሽ ግን መደበቅሽ ገርሞኛል።

በፋሲካ መጥቼ ሳለሁ ያየሁትን ልንገርሽ። ቁርስ በላሽ፣ ቡናሽን ጠጣሽ፣ ትንሽ ቆይተሽ ብድግ አልሽ። መጸዳጃ ቤቱን ተከራዮቹ ይዘውታል። ተመልሰሽ ተቀመጥሽ፤ ስሜቱም ጠፋ። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ምግብ ሆድ ውስጥ ሲገባ ትልቁን አንጀት “ቦታ ልቀቅ” ይለዋል። አንጀት ሌሊት ያንቀላፋና ጠዋት ይነቃል፤ ስለዚህ ከቁርስ በኋላ ያለው ግፊት ከቀኑ ሁሉ የበረታ ነው። ያን ጊዜ ከያዝሽው ሰገራው እዚያው ይቆያል። አንጀት ደግሞ ውሃውን ይመጠዋል፣ ይደርቃል፣ በማግስቱ ይብሳል። ጉልበትሽን ካመመሽ ወዲህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ነው የምትውይው። የተቀመጠ ሰው አንጀትም ይሰንፋል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ከአልጋ ሳትወርጂ፣ በባዶ ሆድ፣ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ። እጅሽን እምብርትሽ ላይ አኑሪና ሆድሽ እጅሽን ወደ ላይ እንዲገፋ አድርገሽ በረጅሙ አየር ሳቢ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፤ አሥር ጊዜ ይበቃል። ከዚያ አንዱን እግር ወደ ደረትሽ ሳቢው። ጉልበቱን ሳይሆን ከኋላ ጭንሽን ያዥ፣ አለበለዚያ ያመመሽን ጉልበት ትጎጂዋለሽ። አምስት እስትንፋስ ያህል ያዥና ቀይሪ፤ እያንዳንዱን አምስት ጊዜ።

ቀጥሎ ማሸት ነው። አቅጣጫውን አትሳቺ። ከቀኝ ዳሌሽ አጥንት ጀምረሽ ወደ ላይ እስከ ጎድንሽ፣ ከእምብርት በላይ ወደ ግራ፣ ከዚያ በግራ በኩል ወደ ታች። ትልቁ አንጀት የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ሊጥ እንደምታሺ አትጫኚ፤ ቅባት ነክተሽ አምስት ደቂቃ ያህል በለስላሳው።

ከዚያ ለብ ያለ ውሃ አንድ ብርጭቆ ጠጥተሽ ቁርስሽን ብዪ። ወዲያው ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ውጪ። የፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው። ቀስ ብለሽ ብትሄጂም አንድ ዙር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ማውራት እስክትቸገሪ አትቸኩዪ። ወደ ቀሃ ወንዝ ግን አትውረጂ፤ ቁልቁለቱ ጉልበትሽን ያሳምመዋል፣ ዳገቱም መመለሻ ያሳጣሻል።

ስትመለሺ ስሜቱ ቢመጣም ባይመጣም መጸዳጃ ቤት ግቢ። ቁጢጥ ማለት ስለማትችዪ ያሠራንልሽ ወንበር ላይ ስትቀመጪ እግርሽን ዱካ ላይ አድርጊ፤ ጉልበትሽ ከዳሌሽ ከፍ ይበል። ወደ ፊት ጎንበስ በዪ። በኃይል አትግፊ። አሥር ደቂቃ ጠብቀሽ ካልመጣ ተነሺ፣ ነገ አለ።

ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም፣ ቁርስ ስለሌለ የአንጀት ግፊቱ የሚመጣው ጾምሽን ከፈታሽ በኋላ ነው። የጠዋቱን የአልጋ ሥራ ሥሪ፤ ውሃውንና የእግር ጉዞውን ግን ወደ ምግብሽ ሰዓት አዙሪው። ተልባም ከሆነ ውሃ አብዝተሽበት ጠጪ፤ ያለ ውሃ ይብሱን ያደርቃል።

በአንድ ቀን ለውጥ አትጠብቂ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ስጪው። ደግሞ ለጉልበትሽ የሰጡሽን ማስታገሻ ፎቶ አስነስተሽ ላኪልኝ። ትራማዶል ከሆነ እሱ ራሱ አንጀትን ያስተኛል፤ የቱንም ያህል ብትራመጂ ይታገልሻል። በራስሽ ግን እንዳታቆሚው፣ ሐኪሙን አብረን እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሆድሽ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ፈስ እንኳ አልወጣ ካለ፣ ቁርጠት ወይ ትውከት ከመጣ፣ ማሸትም ሰናመኪም የለም። እኛ አገር አንጀት መጠምዘዝ ብዙ ሰው ያጠቃል፤ ያኔ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ደም ካየሽ ወይም ሳትፈልጊ ከከሳሽም “ኪንታሮት ነው” ብለሽ እንዳትተዪው።

የመጸዳጃ ቤቱን ነገር እኔ ለተከራዮቹ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ያንቺ ነው። ቁልፉንም አንቺ ጋ አድርጊው።

ልጅሽ