ገበያ ሲቀዘቅዝ ደብተርሽን ግለጪ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ከተጻጻፍን ብዙ ቆየን፤ በጣም ናፍቀሽኛል። ቤትሽ ሆነሽ ሹሩባ መሥራት መጀመርሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ሰው የማይመጣባቸው ቀናት እንደከበዱሽም ሰማሁ። እኔም እዚያው ሥራ ላይ ነኝና የጠቀመኝን ልንገርሽ።

ሥራ ሲጠፋ ዋጋ ለመቀነስ አትቸኩዪ። በቅናሽ የመጣች ሴት በሚቀጥለውም ቅናሽ ትጠብቃለች። ይልቅ ደብተር ያዢ። እያንዳንዷ ደንበኛ መቼ ምን እንደተሠራች፣ ስንት እስር ቅጥያ ጸጉር እንደፈጀች፣ የሚያማት ቦታ ካለም ጻፊ። በቅጥያ የተሠራ ነጠላ ጉንጉን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆያል። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል 6ኛ ሳምንቷ ላይ የደረሰችውን ፈልጊና ደውይላት። «ነይ ልሥራሽ» ሳይሆን «ነይ ልፍታልሽ» በያት።

መፍታት ብዙዎቻችን የምንንቀው ሥራ ነው። ቋሚ ደንበኛ የሚገኘው ግን እዚያ ላይ ይመስለኛል። በቅርቡ አንዷን እንዲህ ጠራኋት። ስፈታላት እፍኝ ሙሉ ጸጉር ሲወጣ አይታ «አለቀልኝ፣ ተመለጥኩ!» አለች። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር ይረግፍበታል። ሲጎነጎን የረገፈው መውጫ አጥቶ እዚያው ስለሚቆይ በ6 ሳምንት ከ2,000 በላይ ይጠራቀማል። ከወጣው ላይ አንዱን አንስቼ አሳየኋት፤ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ አለው። ከሥሩ የለቀቀ ነው ማለት ነው። አጫጭርና ነጥብ የሌለው ቢበዛ ኖሮ ተሰባብሯል እላት ነበር።

ከሥሩ አካባቢ የሚጠራቀመውን ቆሻሻ ደግሞ ሳታፍታቺ ውኃ እንዳታስነኪው። ይቋጠርና መቀስ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ኮንዲሽነር ቀብተሽ በጣትሽ ለያዪው፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር አበጥሪ፣ ከዚያ እጠቢ።

ሳጥባት ግንባሯ ዳር ላይ ትንንሽ ብጉር አየሁ፤ ስነካትም አመማት። ጠብቆ ሲሠራ የሚመጣ ነው። ከተደጋገመ ጸጉሩ ሊሳሳ፣ ሲብስም ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። እዚያው እንድሠራት ፈልጋ ነበር፣ እኔም ገንዘቡን እፈልገው ነበር። ግን «2 ሳምንት አሳርፊው» ብዬ ቀጠሮ ያዝኩላት። የመፍቻውንና የማጠቢያውን ከፍላ ሄደች። በቀጠሮዋ ስትመጣ እህቷን ይዛ መጣች። የፊቱን ወፈር፣ ላላ አድርጌ ሠራኋት፤ አሁን ሳልደውል ራሷ ቀን ትይዛለች።

የሚደወልላት ሰው በሌለበት ቀንም ቢሆን እጅሽን አታስፈቺ፤ ቅጥያውን አስቀድመሽ እጠቢና አድርቂ። አንዳንዱ ሲገዛ ያለው ሽፋን ራስ ያሳክካል።

እስካሁን የሠራሻቸውን በየቀናቸው ጻፊና ላኪልኝ፤ ለማን መቼ እንደምትደውዪ አብረን እናያለን። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ