የትኩረት ፈተና ውጤት ይዛችሁ ለምትመጡ ወላጆች

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ቢሮዬ የሚገቡ አንድ ዓይነት ወረቀቶች በዝተዋል። ልጁ ባለሙያ ዘንድ ተወስዶ የተፈተነው የሥነ ልቦና ፈተና ውጤት ነው። አብሮት የሚመጣው ነገር ደግሞ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ወላጅ «ቁጥሩ ዝቅ ብሏል፤ ልጄ ኤዲኤችዲ አለበት ማለት ነው» ይለኛል፤ ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ የሚታይበትን ችግር ማለቱ ነው። ሌላዋ እናት ደግሞ «ፈተናውን ጥሩ አድርጎ ሠርቷል፤ ምንም የለበትም፤ መምህሩ ናቸው ዝም ብለው የሚያማርሩት» ትለኛለች። ሁለቱም ወረቀቱን ያላለውን እያስባሉት ነው። ርዕሰ መምህር ከመሆኔ በፊት በትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኜ ስለሠራሁ፣ እነዚህን ፈተናዎች ራሴም ለልጆች ሰጥቻለሁ። ስለዚህ ጉዳዩን ረጋ ብዬ ልጻፍላችሁ ብያለሁ።

በመጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን እንይ። የአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ውጤት ነው እንበል። ምሳሌውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የማንም ልጅ አይደለም። የተፈተነው ብዙ ቦታ በሚሠራበት ዊስክ በሚባለው የልጆች የአእምሮ ችሎታ ፈተና ነው። በዚህ ፈተና አማካዩ 100 ነው፤ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ገደማ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ይህ ልጅ በቃላት መረዳት 118 አገኘ። በቅርጽና በምስል ሥራ 112፣ አዲስ ነገርን አስቦ በመፍታት 114። ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል፤ በሥራ ማህደረ ትውስታ 92፣ በፍጥነት 87።

እነዚህ ሁለቱ ምን እንደሚለኩ ማወቅ ይጠቅማል። ለሥራ ማህደረ ትውስታ ፈታኙ ቁጥሮችን ያነብለታል፤ «4፣ 9፣ 2፣ 7» ይለዋል። ልጁ ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ መመለስ አለበት። ቁጥሮቹን አእምሮው ውስጥ ይዞ እዚያው ማገላበጥ ማለት ነው። ለፍጥነቱ ደግሞ በእያንዳንዱ ቁጥር ሥር የተመደበለትን ምልክት እያየ ይስላል፤ ያለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። ከባድ ሥራ አይደለም፤ አሰልቺ ነው። አንዳንዱ ልጅ መሃል ላይ እርሳሱን ሲያይ፣ ወንበሩን ሲያነቃንቅ ሰዓቱ ያልቅበታል።

ብዙ ጊዜ ሌላም ፈተና ይጨመራል። ኮነርስ የሚባለው የኮምፒውተር ፈተና 14 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስክሪኑ ላይ ፊደሎች አንድ በአንድ ብልጭ ይላሉ። ልጁ ለሁሉም ፊደል ቁልፉን ይጫናል፤ X ሲመጣ ብቻ እጁን ይሰበስባል። መጫን ሲገባው ካለፈው ትኩረቱ ሄዷል ማለት ነው። X ላይ ከተጫነ ደግሞ እጁ ቀድሞታል። ከሁለቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ የፍጥነቱ መዋዠቅ። ልጁ ለአሥር ፊደል ያህል ቶሎ ቶሎ ይጫናል፣ ድንገት አንዱ ላይ ይዘገያል፣ ከዚያ እንደገና ይፈጥናል። ኤዲኤችዲ ባለባቸው ልጆች ላይ በተደጋጋሚ ከታዩ ነገሮች አንዱ ይህ አለመረጋጋት ነው።

እንግዲህ የተለመደው መልክ ይህ ነው። አስተሳሰቡ ደህና፣ አንዳንዴም ከፍ ያለ። የሥራ ማህደረ ትውስታና ፍጥነት ዝቅ ያሉ። ራስን መግታት የሚከብድ፣ የምላሹ ፍጥነት የሚዋዥቅ፣ ማቀድ የሚያስቸግር። ይህን የፈጠረው አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጥናት ደግፎታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ትንተና 83 ጥናቶችን አጠቃሎ፣ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች በቡድን ሲታዩ ራስን በመግታት፣ በንቃት፣ በሥራ ማህደረ ትውስታና በማቀድ ከሌሎቹ ዝቅ እንደሚሉ አሳይቷል።

«በቡድን ሲታዩ» የምትለዋ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ልዩነቱ እንደየፈተናው ይለያያል እንጂ መካከለኛ ነው። በዊስክ ሚዛን ሰባት ወይም ስምንት ነጥብ ያህል ነው እንበል። የአንዱ ቡድን አማካይ 100 ከሆነ የሌላው 92 ወይም 93 ነው ማለት ነው። ሁለቱ ቡድኖች ታዲያ በብዛት ይደራረባሉ። ሒሳቡ እንደሚያሳየው፣ ኤዲኤችዲ ከሌለባቸው ልጆች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ኤዲኤችዲ ካለባቸው ልጆች አማካይ በታች ይገኛሉ። በተቃራኒውም፣ ካለባቸው ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከሌሎቹ አማካይ በላይ ነው። ስለዚህ 92 አይታችሁ ልጁ የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ ማወቅ አትችሉም። የወንዶችንና የሴቶችን አማካይ ቁመት አውቃችሁ፣ ቁመቱ ብቻ የተነገራችሁን ሰው ጾታ ለመገመት እንደመሞከር ነው፤ ያውም የቁመቱ ልዩነት ከዚህ በጣም ይሰፋል።

አሁን በቁጥር እንሥራው። አንድ ፈተና ኤዲኤችዲ ካለባቸው 100 ልጆች 70ውን ይይዛል፣ ከሌለባቸው 100 ደግሞ 70ውን በትክክል «የለባቸውም» ይላል እንበል። ጥሩ ይመስላል አይደል? ፈተናውን ለ200 ልጆች ስጡ። ከመቶ አምስቱ ኤዲኤችዲ አለባቸው ብንል፣ አሥር ልጆች ናቸው። ከአሥሩ ሰባቱን ይይዛል፣ ሦስቱ ያመልጣሉ። ከቀሪዎቹ 190 ግን 57ቱ ያለ አግባብ ይያዛሉ። ባጠቃላይ «አለበት» የተባሉት 64 ናቸው፤ በእርግጥ ያለባቸው ሰባት። ባለሙያ ዘንድ የሚሄዱት በችግር ምክንያት የተላኩ ልጆች ስለሆኑ እዚያ ቁጥሩ ይሻላል። ግን ውጤቱን የሚያሻሽለው ከፈተናው በፊት ያለው ታሪክ ነው፤ ፈተናው አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ክፍሉ ነው። ልጁ የት እንደተፈተነ አስቡ። ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ሰው። ሰውዬው ሙሉ ትኩረቱን ለልጁ ሰጥቶታል። ሥራው በየጥቂት ደቂቃው ይለወጣል። «ጎበዝ፣ ቀጥል» የሚል ድምፅ አለ። ኤዲኤችዲ ያለበትን ልጅ የሚረዳው ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል! በትምህርት ቤታችን ክፍል ውስጥ ግን 40 ልጅ፣ ለ40 ደቂቃ፣ ስለ ክፍልፋይ። ከዚያ ቤት ሄዶ የቤት ሥራውን ራሱ አስታውሶ፣ ደብተሩን ፈልጎ፣ ጀምሮ፣ ጨርሶ፣ ቦርሳው ውስጥ መልሶ ማስገባት አለበት። ያንን ማንም ፈተና አይለካም። ፈተናው ልጁ ተደግፎ ምን ማድረግ እንደሚችል ይነግረናል፤ ወላጅና መምህር የሚሞሉት መጠይቅ ደግሞ በየቀኑ ምን እንደሚያደርግ። ሁለቱ እርስ በርስ የሚዛመዱት በትንሹ ብቻ ነው። ስለዚህ «ፈተናውን ጥሩ ሠርቷል» ያልሽኝ እናት፣ ከመምህሩ ጋር አትጣይ፤ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ዝቅ ያለ ውጤትም ብዙ በር አለው። እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ፣ በተለይ ሌሊት የሚያንኮራፋና አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ቀን ላይ የሚያሳየው መልክ ከኤዲኤችዲ ጋር ሊምታታ ይችላል። ፍርሃትና ጭንቀት ያለበት ልጅ በፍጥነቱ ፈተና ላይ ይዘገያል፤ እንዳይሳሳት ደጋግሞ ስለሚያይ ነው። ጆሮው ላይ ችግር ያለበት ቁጥሮቹን በደንብ አይሰማም፤ ውጤቱ ግን «ማህደረ ትውስታው ደካማ» ይላል። በእጅ ጽሑፍ የሚቸገር ልጅ ምልክቶቹን ለመሳል ይንቀረፈፋል። ማንበብ የሚያቅተው ልጅም በሥራ ማህደረ ትውስታ ዝቅ ሊል ይችላል፤ የማንበብ ችግርና ኤዲኤችዲ አንድ ላይ የሚገኙበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ባለሙያው ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን?» ብሎ ነው።

ታዲያ ምርመራው በምን ይቆማል? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውና በብዙ አገር የሚሠራበት ዲኤስኤም 5 የተባለው መመሪያ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ከዘጠኝ የትኩረት ምልክቶች ቢያንስ ስድስት፣ ወይም ከዘጠኝ የመቅበጥበጥና የችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ ስድስት መኖር አለባቸው፤ ከ17 ዓመት ጀምሮ አምስት ይበቃል። ቢያንስ ስድስት ወር የቆዩ፣ ለዕድሜው የማይመጥኑ መሆን አለባቸው። በርከት ያሉት ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለባቸው። ከአንድ ቦታ በላይ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ መታየት አለባቸው። ሕይወቱን ማስቸገር አለባቸው። በሌላ ሕመም የተሻለ የማይብራሩም መሆን አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንድም የፈተና ነጥብ የለም። ትምህርት ቤት ብቻ የሚረብሽ፣ ቤት ግን ለሰዓታት ረጋ ብሎ የቤት ሥራውን የሚሠራ ልጅ ካለ፣ መጀመሪያ የምንፈትሸው ክፍሉን ነው።

«ታዲያ ለምን ገንዘብ አወጣን?» የሚል ይኖራል። ፈተናው ከንቱ አይደለም። የማንበብ ወይም የሒሳብ የተለየ ችግር መኖሩን ለመለየት ይጠቅማል። ልጁ የት እንደሚጎብዝ ያሳያል። በምሳሌዬ ያለው ልጅ ኤዲኤችዲ ይኑርበት አይኑርበት፣ በፍጥነት 87 ሆኖ በማሰብ 114 ስለሆነ፣ መምህሩ ከሰሌዳ ረጅም ጽሑፍ ከሚያስገለብጡት የታተመ ወረቀት ቢሰጡት ይሻለዋል። አራት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ከመንገር አንድ በአንድ መንገር ይበጃል። ለዚህ ደግሞ የሕመም ስም አንጠብቅም።

በትምህርት ቤታችን በኩል የምናደርገው ይህ ነው። አንድ ልጅ ወደ ባለሙያ ሲላክ፣ ቢያንስ ሁለት መምህራን መጠይቁን ለየብቻ ይሞላሉ፤ ተመካክረው አይደለም። የሒሳብና የስፖርት መምህር ብዙ ጊዜ የተለያየ ልጅ ነው የሚያዩት፤ ያንን ልዩነት ባለሙያው ይፈልገዋል። እናንተ ደግሞ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል የውጤት ካርዶችን ካገኛችሁ አምጡ። ከቁጥሩ ይልቅ መምህሩ ከታች በእጃቸው የጻፉት አስተያየት ነው ቁም ነገሩ። የልጁን እንቅልፍም ለሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ ላይ ያዙ፤ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ተነሣ፣ ያንኮራፋል ወይ።

የፈተና ውጤት ያላችሁ ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ይዛችሁ ኑ። ባለሙያው «በፈተናው ጊዜ የታየ ጠባይ» ብሎ የጻፈው ክፍል አለ፤ ልጁ ደክሞት እንደነበር፣ እንዳለቀሰ፣ መነጽሩን ረስቶ እንደመጣ እዚያ ነው የሚጻፈው። ከቁጥሮቹ በፊት እሱን አብረን እናነባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር