ማን አለ? «ተባለ» ማለት ብቻ አይበቃም

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እሑድ ስለተቀነባበረ ሥጋ ያወጣችሁትን ረጅም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጸሐፊዋ በደንብ ደክመውበታል። ቅሬታዬ ከርእሱ ጋር ነው፦ «ቋሊማ እንደ ሲጋራ ይገድላል ተባለ»።

ማን አለ? ጽሑፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም። እኔም ለዓመታት ዜና ክፍል ቁጭ ብዬ ርእስ ስሰጥ ስለኖርኩ «ተባለ» መቼ እንደምትጻፍ አውቃለሁ። ለአባባሉ ባለቤት ሲጠፋ ነው።

ጽሑፉ የሚለው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2008 ዓ.ም. የተቀነባበረ ሥጋን ትምባሆ ያለበት ምድብ 1 ውስጥ አስገባ። ምድቡ የሚነግረን ግን የማስረጃውን ጥንካሬ ብቻ ነው። ካንሰር እንደሚያመጣ ምን ያህል እርግጠኛ ነን? ጉዳቱ ምን ያህል ነው የሚለው ለብቻው የሚጠየቅ ነው። የፀሐይ ጨረርም እዚያው ምድብ ውስጥ አለ። ጸሐፊዋ ይህን መሃል ላይ በሁለት አንቀጽ አስረድተዋል። ርእስ ሰጪው እዚያ ድረስ የዘለቀ አይመስለኝም።

ከርእሱ ሥር ያለችው መስመር ደግሞ ትብሳለች፦ «በየቀኑ ከሚበሉት 18 በመቶው በካንሰር ይያዛሉ»። ጽሑፉ ያለው በቀን 50 ግራም መብላት በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝን ዕድል «በ18 በመቶ» ይጨምራል ነው። ከ100 ሰዎች 5ቱ በሕይወት ዘመናቸው የሚያዙ ቢሆን፣ 18 በመቶ ሲጨመርበት ወደ 6 ይጠጋል። ከ5 ወደ 6 እና 18፣ ሰማይና ምድር ናቸው።

ማለዘብም መፍትሔ አይሆንም። «ቋሊማ ካንሰር ያመጣ ይሆን?» ብላችሁ የጥያቄ ምልክት ብትሰኩበትም ጽሑፉን አትመስሉም። ማስረጃው ጠንካራ ነው ተብሏልና እዚያ ላይ መጠራጠር ሌላ ማዛባት ነው።

እኔ ርእስ ከጻፍኩ በኋላ እያንዳንዱን ቃል ይዤ ወደ ጽሑፉ እመለስ ነበር። የቱ ዓረፍተ ነገር ነው የሚደግፈው? ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ግሱ ነው። እዚህም «ይገድላል» የሚለው ጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ስለ መያዝ እንጂ ስለ መሞት አልተወራም።

እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦

«የተቀነባበረ ሥጋ ካንሰር ያመጣል፤ ጉዳቱ ግን የሲጋራን አያህልም»

ከሥሩ፦ «በቀን 50 ግራም የሚበሉ ሰዎች በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ18 በመቶ ይጨምራል፤ ከ100 ሰው 5 የነበረው ወደ 6 ይጠጋል እንደ ማለት ነው»።

ረዘመ ትሉኝ ይሆናል። ማሳጠር ግድ ከሆነ «የተቀነባበረ ሥጋ» የሚለውን «ቋሊማ» በሉት። ትንሽ ይጠባል እንጂ ውሸት አይሆንም። ሁለተኛውን ግማሽ ግን አትቁረጡት። ድረ ገጻችሁ ላይ ያለው ርእስም እስካሁን አልተስተካከለም።

አንድ የቀድሞ አርታኢ