የሥነ ሕይወት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የቀዘቀዘው እጅ

ክበባችን ዘንድሮም በየሳምንቱ ሐሙስ ተሰብስቧል፤ ቃለ ጉባኤው በማኅደር ስላለ አልዘረዝረውም። ሁለት ስብሰባ በፈተና ምክንያት ታጥፏል፤ የበግ ልብ ከፍተን የማየት ዕቅዳችንም መቁረጫ ባለመኖሩ ቀርቷል። «ይህ ክበብ ከወሬ በቀር ሥራ የለውም» ለሚሉ ባልደረቦቼ ግን የመጋቢቱን ቅዳሜ ላውጋቸው።

ወደ ደም ባንክ ሄድን። ልጆቹ 18 ዓመት ስላልሞላቸው ሰጪው እኔ፣ ለኪዎቹ እነርሱ ሆኑ። ስሌቱን በክፍል ሠርተነዋል፤ ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ረጭታ በደቂቃ 72 ጊዜ ብትመታ፣ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ታዞራለች። 450 ሚሊ ሊትር ከሰጠሁ በኋላ የልብ ምቴ ከ68 ወደ 74 ከፍ አለ፤ ግፊቴ ግን ብዙም ንቅንቅ አላለም። ልጆቹ ቅር አላቸው። ጉድ ሊያዩ ነበር የመጡት።

በመመለሻችን፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማናት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ እህቴ በወሊድ ደም ሲፈስሳት ግፊቷ ደህና ነው ተባልን፤ እጇ ግን በረዶ ነበር» አለች። እህቷ ደም ተሰጥቷት ተርፋለች። መኪናው ውስጥ ማንም አልተነፈሰም።

ሐሙስ ዕለት ሌላውን ሁሉ ትተን ያንን እጅ ይዘን ተቀመጥን። ደም ሲጎድል ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል፤ ልብም ያልደረሳትን ልትረጭ አትችልም። በአንገትና ከልብ በሚወጣው ትልቅ ደም ቅዳ ላይ ያሉ ነርቮች የግፊቱን መላላት ለአንጎል ይነግራሉ። ያን ጊዜ ልብ ትፈጥናለች፤ የቆዳ፣ የአንጀትና የኩላሊት ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ያለው ደም ለልብና ለአንጎል ይቆጠባል። እጅ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

ልጅቷ ራሷ ሰሌዳው ላይ አሰላችው። በአንድ ምት የሚረጨው ወደ 40 ቢወርድና ምቱ 120 ቢደርስ 4.8 ሊትር ይሆናል፤ ጉድለቱ የተሸፈነ ይመስላል። የደም ሥሮቹ ስለጠበቡ የግፊቱ የላይኛው ቁጥር እዚያው ይቆማል፤ የታችኛው ከፍ ብሎ ይጠጋዋል። ግፊቱን ብቻ ያየ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። መፍሰሱ ካልቆመና የሚረጨው 25 ከደረሰ ግን ምቱ 140 ቢሆንም 3.5 ሊትር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መፍጠንም ብዙ አይረዳም፤ ልብ በሁለት ምቶች መካከል የምትሞላበት ጊዜ ያጥራታል። ግፊት የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው፤ ዘግይቶ።

አጠቃላይ ንብረታችን ከአንድ ጤና ባለሙያ የተዋስነው የግፊት መለኪያ ነው። የኳስ ክበቡ ዘንድሮ ሁለተኛ መለያ እንደተገዛለት ሰምቻለሁ፤ አልቀናም። እኛ የምንጠይቀው አንድ መለኪያና አንድ የልብ ማዳመጫ ነው። የአሁኑ ጎማ ስለሚያስተነፍስ፣ አንዱ ሲለካ ያቺው ልጅ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ደፍና ትቆማለች።